ማስተካከያ፦ ስፕሬድ ቀንና ሌሊት አንድ አይደለም

«ገበያው 24 ሰዓት ክፍት ስለሆነ ቀንም ሌሊትም ብትገባ ስፕሬዱ ያው ነው።»

ጅማ ውስጥ በጀማሪ የፎሬክስ ነጋዴዎች መካከል የሚዞረው ይህ መረጃ ይስተካከል። ስፕሬድ በምትገዛበትና በምትሸጥበት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ክፍት መሆኑ እውነት ነው፤ ዋጋ የሚሰጡት ባንኮች ግን ይተኛሉ። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 እስከ ማታ 1 ሰዓት ለንደንና ኒውዮርክ አብረው ይሠራሉ። ገዢና ሻጭ ስለሚበዛ የዩሮ/ዶላር ስፕሬድ ብዙ ጊዜ ከ1 ፒፕ፣ ማለትም ከ0.0001፣ ብዙም አይርቅም። ሌሊት 6 ሰዓት ኒውዮርክ ስትዘጋ እስያ ገና አልሞቀም። ዋጋ ሰጪው ሲያንስ፣ የቀሩት ስጋታቸውን ስፕሬዱ ላይ ይጭናሉ። (ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ሁሉም በ1 ሰዓት ይዘገያል።)

በብዛት ግራ የሚጋቡት ሸጠው የሚያድሩ ናቸው። በ1.1000 ሸጠህ ኪሳራ የሚገድበውን ስቶፕህን 1.1020 ላይ አደረግህ እንበል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቢድ፣ ማለትም የምትሸጥበት ዋጋ፣ 1.1013 ነው፤ ስፕሬዱ 8 ፒፕ ሆነ። አስክ፣ ማለትም የምትገዛበት ዋጋ፣ 1.1021 ደረሰ ማለት ነው። ሽያጭ የሚዘጋው ደግሞ መልሶ በመግዛት፣ በአስክ ነው። አለቀ፣ ተዘጋብህ! የመገበያያ ፕሮግራሙ MT4 ቻርቱን የሚስለው በቢድ ስለሆነ ጠዋት ስታየው 1.1020ን አልነካም። ብሮከሩን ከመርገምህ በፊት «Show Ask line»ን አብራና በዚያ ሰዓት ሁለቱ መስመሮች ሲራራቁ ተመልከት።