የቀን እንቅልፍ የሌሊቱን አይተካም

«ሌሊት የሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የመተኛት ዕድል አለው። ስምንት ሰዓት መቼም ቢተኙት ስምንት ሰዓት ነው።»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የሥራ ፈረቃ የሚደለድሉ ኃላፊዎች ናቸው። በክፋት የሚናገሩት አይመስለኝም፤ በወረቀት ላይ ሒሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ሠራተኛው ስምንቱን ሰዓት አልጋ ላይ ቢያሳልፍም ተኝቶ አያሳልፈውም። ምክንያቱ ስንፍናም የቤት ጫጫታም ብቻ አይደለም፤ የአንጎልን ሞገድ በሚመዘግበው ኢኢጂ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ለእንቅልፍ ምርመራ ከጭንቅላት ሌላ በዓይኖች አጠገብና በአገጭ ላይም ኤሌክትሮዶች ይለጠፋሉ። ባለሙያው መዝገቡን በየ30 ሰከንዱ ከፍሎ ያነበዋል። ሰው ነቅቶ ዓይኑን ሲጨፍን በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሥርዓት ያለው ሞገድ ይታያል፤ አልፋ ይባላል። እንቅልፍ ሲጀምር አልፋው ይበታተንና ዘገም ያለው ቴታ ይተካዋል፤ ዓይኖችም ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ ይንከባለላሉ። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ በዚህ ጊዜ የቀሰቀሱት ሰው «አልተኛሁም ነበር» ብሎ ሊከራከር ይችላል። በሁለተኛው ደረጃ ስፒንድል የሚባሉ አጫጭር የፈጣን ሞገድ ፍንጣቂዎች ብቅ ይላሉ። በሦስተኛው፣ ማለትም በጥልቁ እንቅልፍ፣ ሞገዱ ሰፊና ከፍ ያለ ሆኖ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ይወጣል ይወርዳል። ሕልም የሚበዛበት ደረጃ ደግሞ ለብቻው ነው፤ የአንጎሉ ሞገድ ንቃትን ይመስላል፣ ዓይኖች በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ፣ የአገጭ ጡንቻ ግን ፈጽሞ ይዝላል።

እነዚህ ደረጃዎች በ90 ደቂቃ ገደማ እየዞሩ ይመለሳሉ፤ ዙሮቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በሌሊት ለሚተኛ ሰው ጥልቁ እንቅልፍ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያልቃል፤ የሕልሙ እንቅልፍ ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው እንቅልፍን ሁለት የተለያዩ ኃይሎች ስለሚገዙት ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለቱን በአንድ ሞዴል አስቀመጣቸው። አንዱ ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚጠራቀም የእንቅልፍ ግፊት ነው፤ በአንጎል ውስጥ የሚከማቸው አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ከምክንያቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ካፌይን የሚያነቃንም የአዴኖሲንን መቀበያ ስለሚዘጋ ነው። ሁለተኛው ስንት ሰዓት እንደነቃን የማይጠይቅ የውስጥ ሰዓት ነው። መቀመጫው ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚገናኙበት ቦታ በላይ የሚገኙ 20 ሺህ ገደማ ሕዋሳት ናቸው። ይህ ሰዓት የሰውነትን ሙቀት ንጋት ሊቀርብ ሲል ወደ ታችኛው ደረጃ ያወርደዋል፤ ቀን ላይ ደግሞ ንቃትን ይገፋል።

አሁን አንዲት ነርስ እንውሰድ። ጠዋት 1 ሰዓት ነቅታ፣ ምሽት 2 ሰዓት ተረኛ ሆና ገባች፤ በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት አልጋዋ ላይ ወጣች። 26 ሰዓት ነቅታለች፣ ስለዚህ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፤ ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ብዙም ሳይቆይ ሰፋፊዎቹ ሞገዶች ይመጣሉ። እስከዚህ ድረስ ኃላፊው ትክክል ነው፤ ጥልቁን እንቅልፍ እምብዛም አታጣም። ነገር ግን አራት አምስት ሰዓት ስትተኛ አብዛኛው ግፊት ይቃለላል። ሌሊት ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ የውስጥ ሰዓቱ ደግፎ ያቆያት ነበር። አሁን ግን እኩለ ቀን አልፏል፤ ሙቀቷ እየጨመረ ነው፣ ሰዓቱም ንቃትን እያዘዘ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ትነቃለች፤ ድካሙ አለ፣ እንቅልፉ ግን አይመለስም። በዋናነት የተቆረጠባት የሁለተኛው ደረጃና የሕልሙ እንቅልፍ ነው። ክፍሉ ጸጥ ያለና ጨለማ ቢሆንም የቀን እንቅልፍ ከሌሊቱ በሁለትና በሦስት ሰዓት ማጠሩ የተለመደ ነው።

በዚያው ምሽት እንደገና ትገባለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን 14 ሰዓት ነቅታለች፣ የተኛችው አምስት ሰዓት ብቻ ነው፣ የውስጥ ሰዓቷም በዝቅተኛው ነጥብ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ኢኢጂው የሚያሳየው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። አልፋ በተለምዶ ዓይን ሲገለጥ የሚጠፋ ሞገድ ነው። እጅግ በደከመ ሰው ላይ ግን ዓይን ተገልጦ ሳለ ይመጣል፤ ከዚያ ቴታ ለጥቂት ሰከንዶች ይገባል። ሰውየው ቆሟል፣ እያየ ይመስላል፤ አንጎሉ ግን የእንቅልፍን ደጃፍ ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስዊድን ባቡር ነጂዎች ላይ በሥራ ሰዓታቸው ኢኢጂ ተገጥሞ እንዲህ ያለው ለውጥ በሌሊት ጉዞ ታይቷል። የመድኃኒት መጠን የምትለካ ነርስ እነዚያ ሰከንዶች መቼ እንደመጡ አታውቅም፤ በጉልበትም አትከለክላቸውም።

«ይለመዳል» የሚል መልስ ይሰጣል። አብዛኛው የሌሊት ሠራተኛ ግን ሙሉ በሙሉ አይለምደውም፤ ተጠያቂው ብርሃን ነው። የውስጥ ሰዓት በዋናነት የሚቃናው ዓይን በሚቀበለው ብርሃን ነው፤ የአቅጣጫው ወሳኝ ደግሞ የሙቀቱ ዝቅተኛ ነጥብ ነው። ከዚያ ነጥብ በፊት የሚያርፍ ደማቅ ብርሃን ሰዓቱን ወደ ኋላ ያዘገየዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያርፈው ወደ ፊት ያፈጥነዋል። ነርሷ ሌሊቱን በደብዛዛ መብራት ሠርታ ጠዋት በሙሉ ፀሐይ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ሰዓቷ ሊዘገይ ሲገባው ተመልሶ ወደ ቀን ሠራተኛ ሰዓት ይጎተታል። በዕረፍት ቀኗ ከቤተሰቧ ጋር ስትውል ደግሞ የተገኘው ጥቂት ለውጥም ይፈርሳል። በሌሊቱ መጀመሪያ ደማቅ መብራት፣ ወደ ቤት ሲሄዱ ጥቁር መነጽር፣ የጨለመ መኝታ ክፍል ይረዳሉ፤ የሚረዱት ግን በተከታታይ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ነው። አንድና ሁለት ሌሊት ብቻ ለሚገባ ሰው ሰዓቱን ለማዞር መታገል ትርፍ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሠራተኛው ሳይሆን መርሐ ግብሩን ለሚፈርመው ሰው ነው። ፈረቃ መዞር ካለበት ከጠዋት ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ሌሊት ይዙር፤ የብዙዎቻችን የውስጥ ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም፣ ማዘግየት ከማፍጠን ይቀለዋል። ሊዘገይ የሚችል አደገኛ ሥራ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ አይመደብ። በሌሊት ፈረቃ መካከል የ20 ደቂቃ እንቅልፍ ተፈቅዶ በግልጽ ይጻፍ፤ ያን ያህል አጭር ከሆነ ሰው ወደ ጥልቁ ደረጃ ሳይገባ ስለሚነሣ የመፍዘዙ ጊዜ አጭር ነው፣ ያም ሆኖ ወሳኝ ሥራ ከመንካቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው። ሌሊት ያደረን ሠራተኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና መጥራትም ይቅር። ያ ሰዓት ለኃላፊው የሥራ ቀን መካከል ነው፤ ለነርሷ ግን ሦስት ሰዓት ብቻ የተኛችበት፣ ግፊቱ ገና ያልተቃለለበት፣ ከነቃች በኋላ የውስጥ ሰዓቷ ተመልሳ እንድትተኛ የማይፈቅድበት ጊዜ ነው።