ጋሼና የማታልቀዋ ጀልባ

ሦስት ሌሊት ሙሉ በአንዲት ጀልባ ምክንያት አልተኛሁም። ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁና ታገሱኝ።

እዚህ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ ለቲክቶክ የምትሆን የአራት ሰከንድ አኒሜሽን አዘዙኝ። ጀልባ ውሃ ላይ ስትወዛወዝ፣ ከኋላ የዓሣ ጥብስ ጭስ፣ ከፊት አንድ አባ ኮዳ እየተጎማለለ ሲያልፍ። «የት እንደጀመረች፣ የት እንዳለቀች እንዳይታወቅ» አሉኝ። ሉፕ ማለታቸው ነው። ዋጋውን አልናገርም፤ ለሁለት ሰው ዓሣ ጉላሽ ቢበቃ ነው።

በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ስዕል፣ አራት ሰከንድ፣ በድምሩ 100 ፍሬም። ከ0 ተነስቶ 99 ላይ ያልቃል። «መጀመሪያና መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሁን» ይላል ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ። እኔም ታዛዥ ነኝ፣ ፍሬም 0 ላይ ያለውን ኪፍሬም፣ ማለትም ነገሮቹ የት እንደሚሆኑ የሚወስነውን ምልክት ሁሉ ቀድቼ 99 ላይ ለጠፍኩና ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ልጄ፣ ጀልባዋ ድንጋይ ትመታለች እንዴ?»

ስልክዎ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግነቱ አላልኩም፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር። 99 እና 0 አንድ ዓይነት ስዕል ከሆኑ፣ ቪዲዮው ሲዞር ያ ስዕል ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይታያል። ሌላው ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ቆይቶ ሲሄድ እሱ ብቻ 80 ይቆማል። ኢምንት ይመስላል፣ ግን ዕድሜውን ውሃ ሲያይ ለኖረ ሰው አያመልጥም። መመሳሰል ያለበት ፍሬም 100 ነው፤ ማለትም ጭራሽ የማይታየው! የሚታየው መጨረሻ ከመጀመሪያው አንድ እርምጃ ወደኋላ የቀረ መሆን አለበት።

የምሠራበት ሶፍትዌር፣ አፍተር ኢፌክትስ፣ ደግሞ ለዚህ ስህተት ወጥመድ ያዘጋጀ ይመስላል። ኮምፖዚሽኑ ልክ አራት ሰከንድ ከሆነ መጨረሻ ላይ መቆም የምትችለው 0:00:03:24 ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ፍሬም 99 ነው። እጅህ ሳታስበው እዚያው ይለጥፋል። አሁን አምስት ሰከንድ አድርጌ እከፍታለሁ፣ ኪፍሬሙን 0:00:04:00 ላይ አስቀምጣለሁ፣ አንድ ፍሬም ወደኋላ ተመልሼ N እጫንና እዚያ ላይ እቆርጣለሁ። ከአንዱ ማዕበል አናት እስከ ቀጣዩ አናት 270 ፒክሰል ስለሆነ ማዕበሉ በአንድ ዙር ልክ 270 ይሄዳል፣ በየፍሬሙ 2.7። 99 ላይ 267.3 ደርሶ ቀጣዩ እርምጃ ራሱ ፍሬም 0 ይሆናል። 98፣ 99፣ 0፣ 1 እያልኩ አንድ በአንድ አየሁት፣ እርምጃው እኩል ነው። ተመስገን ብዬ ላክሁ።

«ልጄ፣ አሁን ደግሞ ሐይቁ ይቆማል።»

በዚህኛው አለቀስኩ። ለካ አይቼው ከጨረስኩ በኋላ፣ ከመላኬ በፊት፣ ከልማድ ሁሉንም መርጬ F9 ተጭኛለሁ። ይሄ ነገር እንቅስቃሴን ሲነሳና ሲያርፍ ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ ሐይቁ በየአራት ሰከንዱ ፍሬን እየያዘ፣ እንደገና ይነሳል። ስዕሉ ይገጥማል፣ ፍጥነቱ አይገጥምም። ማዕበሉን ቀጥ ባለ ፍጥነት ለቀቅሁት። ጀልባዋ ግን ሌላ ናት፤ መወዛወዝ ያለ ማዘግየት እንጨት ይሆናል። የእኔ ጥፋት ዙሩን ቀጥ ብላ በቆመችበት መጀመሬ ነበር፣ እዚያ ላይ ደግሞ በጣም የምትፈጥንበት ቦታ ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ካዘመመችበት አስጀመርኳት። እዚያ በተፈጥሮዋም ለቅጽበት ቆማ ነው የምትመለሰው፣ ስፌቱ ተደበቀ።

አባ ኮዳው አላስቸገረም፣ ከስክሪን ውጭ ተነስቶ ከስክሪን ውጭ ነው የሚያልቀው። ጭሱ ግን! ጭስ በዘፈቀደ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያው መጨረሻውን በጭራሽ አይመስልም። አምስት ሰከንድ ጭስ ሠርቼ መሃል ላይ ቆረጥኩት፣ ሁለተኛውን ግማሽ ወደፊት አመጣሁ፣ የመጀመሪያውን ከኋላ አደረግኩ። መሃል ላይ አንድ ሰከንድ አደራርቤ አንዱን እያደበዘዝኩ ሌላውን አወጣሁ፣ አራት ሰከንድ ሆነ። ዳርና ዳሩ ቀድሞም ተከታታይ ስለነበሩ ይገጥማሉ።

ትናንት ማታ ላክሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብለው አዩዋት መሰለኝ። ከዚያ ደወሉ።

«ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ፣ መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥሬን ብቅ አድርጋት።»

የትኛው መጨረሻ ጋሼ? የትኛው?!

ቁጥሩን ጀልባዋ ጎን ላይ ጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት «ቁጥሩ ለምን ይጣመማል?» ብለው ደውለዋል።