ከታሰረ ስንት ሰዓት ሆነው?

«ጋሼ፣ ዋርዳችን ውስጥ ሕሙማንን ማሰርና ለብቻ ክፍል መዝጋት እንዲቀንስ የጥራት ማሻሻያ ፕሮፖዛል ጻፊ ተብያለሁ። እናንተ አሜሪካ ማሰር ትታችኋል ይባላል። እኛ ጋ ሰው ሳይጨመርልን ይሆናል?»

አልተውንም። እኔ በምሠራበት የአእምሮ ሕክምና ዋርድ ዛሬም አራት ማሰሪያ ያለው አልጋ አለ። ሁለት ለእጅ፣ ሁለት ለእግር። ከእናንተ የምንለየው ይበልጥ በወረቀቱ ነው።

ወረቀቱም እንዲሁ አልመጣም። በፈረንጆቹ 1998 ሃርትፎርድ ኩራንት የሚባል የኮኔቲከት ጋዜጣ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከመታሰር ወይም ከመዘጋት ጋር በተያያዘ የሞቱ 142 ሰዎችን ቆጥሮ አወጣ። አገር ተንጫጫ። የፌዴራሉ ደንብም ጠበቀ። አሁን ለአዋቂ አንድ የማሰር ትዕዛዝ ከ4 ሰዓት አይበልጥም። በ1 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ወይም ለዚህ የሠለጠነ ነርስ መጥቶ ፊት ለፊት ያየዋል። «ካስፈለገ ይታሰር» ብሎ አስቀድሞ ማዘዝ ክልክል ነው። ደግሞም ሰውየው ከተረጋጋ፣ ትዕዛዙ ጊዜ ቢቀረውም ይፈታል።

የእኔ ትዝብት እዚህ ላይ ነው። ያ 4 ሰዓት ጣሪያ ተብሎ ነበር የተጻፈው፤ በተግባር ግን ወለል ሆኖ አየሁት። አንድ ሌሊት የታሰረ ወጣት ታግሎ ታግሎ ደከመውና እንቅልፍ ወሰደው። አጠገቡ የተቀመጠው ጠባቂ በየ15 ደቂቃው ቅጹ ላይ ይጽፋል። «ተረጋግቷል።» «ተረጋግቷል።» «ተኝቷል።» ልጁ ያንኮራፋል፣ እጁ ግን እንደታሰረ ነው። ለምን አይፈታም ብትዪ መልሱ «ሲነቃስ?» ነው። ደግሞ ሺፍት ሊቀየር ነው፤ ፈትቶ ማስረከብን ማንም አይፈልግም። ሕጉም ቅጹም ባለበት ማለት ነው።

ስለዚህ ፕሮፖዛልሽን በሥልጠና አትጀምሪ። ሥልጠና ሁሉም የሚጽፈው ነገር ነው፤ ሻይ ተጠጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ያልቃል። በመዝገብ ጀምሪ። አንድ ደብተር ይበቃል። የካርድ ቁጥር፣ የታሰረበት ሰዓት፣ የተፈታበት ሰዓት፣ ከመታሰሩ በፊት ምን ሆኖ እንደነበር፣ ማረጋጊያ መርፌ ተወግቶ እንደሆነ፣ የተጎዳ ሰው ካለ። ከሁሉም የሚከብደው የተፈታበትን ሰዓት ማግኘት ነው። የታሰረበትን ሁሉም ይጽፋል፣ የተፈታበትን ግን የሚጽፍ ብዙ የለም። ዋናው ችግርም ያለው ባዶ በቀረው በዚያ ዓምድ ውስጥ ነው።

ከዚያ ስሌቱ ቀላል ነው። 20 ሕሙማን ያሉበት ዋርድ በ30 ቀን 14,400 የሕሙማን ሰዓት አለው። በወሩ 12 ጊዜ ታስሮ በድምሩ 36 ሰዓት ከሆነ፣ ከ1,000 ሰዓት 2.5 ሰዓት በእስር አለፈ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች የሚለኩትም በዚሁ ነው። እንበልና በሚቀጥለው ወር 8 ጊዜ ብቻ ታሰረ። አለቃሽ ያጨበጭባል። ግን የ8ቱ ድምር 54 ሰዓት ከሆነ፣ ቁጥርሽ ወደ 3.75 ወጥቷል። ሁለቱንም ካልቆጠርሽ ራስሽን ትሸውጃለሽ።

የሰው ኃይል ላልሽው፣ ሰው ሳይጨመር ቶሎ የሚወርደው ሰዓቱ ነው። የፔንሲልቬንያ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ1990 እስከ 2000 ባለው ጊዜ አንድ እስር በአማካይ ከሚፈጀው 11.9 ሰዓት ወደ 1.9 ሰዓት አወረዱት። የማሰሩ ብዛትም ወርዷል፣ ከ1,000 የሕሙማን ቀን ከ3.5 ወደ 1.2። እውነቱን ለመናገር እነሱ የሠራተኛውንም ቁጥር አሻሽለዋል፣ አሥር ዓመትም ፈጅቶባቸዋል። የመፍቻ ደንብ ግን በጀት አይጠይቅም። በየ15 ደቂቃው ጣቱ መቅዘቅዙን፣ መተንፈሱን፣ ውኃና ሽንት መፈለጉን ስታዪ አንድ ጥያቄ ጨምሪ፦ አሁን የማይፈታበት ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱ ይጻፍ። ካልተገኘ መጀመሪያ አንድ እጅ፣ ከዚያ ሌላው ይፈታ። የተኛ ሰው ምክንያት የለውም።

ብዛቱን ለመቀነስ ደግሞ ከመታሰሩ በፊት ያለውን ዓምድ አንብቢ። እኛ ጋ ሲነበብ የተገኘው ተራ ነገር ነው። የስልክ ሰልፍ። «አይቻልም» መባል። የሲጋራ ሱስ፤ ዋርድ ውስጥ ማጨስ ስለማይቻል ሰውየው በሁለተኛው ቀን ይነጫነጫል፣ እኛ በሽታው አገረሸ እንላለን። የርክክብ ሰዓት፤ ነርሶቹ ሁሉ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ኮሪደሩ ባዶ ይሆናል። እናንተ ጋ የሚወጣው ሌላ ሊሆን ይችላል። ለርክክብ ግን አንድ ነርስ ውጪ እንዲቀር ማድረግ ብር አያስወጣም።

ቀድሞ ለማየት ብሮሴት የሚባል ከኖርዌይ የመጣ አጭር መመዘኛ አለ። ስድስት ነገር ታያለሽ፦ ግራ መጋባት፣ መነጫነጭ፣ ጩኸትና ግርግር፣ በቃል ማስፈራራት፣ በአካል ማስፈራራት፣ ዕቃ መምታት። ያለው 1፣ የሌለው 0። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዝም ብለሽ አትጠብቂም። አናግሪው፣ ጸጥ ያለ ቦታ ውሰጂው። እንግሊዝ ውስጥ ሴፍዋርድስ የተባለው አሠራር በ31 ዋርዶች ሲሞከር፣ በጉልበት መያዝና መዝጋትን የመሰሉ የመቆጣጠሪያ እርምጃዎች 26 በመቶ ያህል ቀንሰዋል። ውስጡን ብታዪው መጥፎ ዜና ለሕመምተኛው ሲነገር አብሮ መቀመጥ፣ ግርግር ካለፈ በኋላ ሌሎቹን ማረጋጋት፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። እንግዲህ ይሄ የሚያቅታችሁ ነው?

እናንተ ያላችሁና እኛ የሌለን ነገር ደግሞ አለ፦ አስታማሚ። እዚህ ቤተሰብ በቀጠሮ ሰዓት መጥቶ ይሄዳል። ልጁ ሲቆጣ ምን እንደሚያበርደው የምንጠይቀው ሰው አጠገባችን የለም። እናንተ ጋ እናቱ አልጋው ሥር ናት። ሲገባ ጠይቂያት፣ ካርዱ ላይ ጻፊው። ማንን ይሰማል? ማን ሲነካው ይብስበታል? ጥበቃ ጠርቶ አራት ሆኖ ከመያዝ በፊት እሷን አስጠሪ። እርግጥ «እሰሩልኝ» የምትለውም እሷ ልትሆን ትችላለች። እቤት መድኃኒት አጥታ በሰንሰለት ያቆየችው ሊሆን ይችላል። አትውቀሻት። እንዴትና በምን እንደምትፈቱት አሳዪያት።

ሁለት ወጥመድ ልንገርሽ። እስሩ ሲቀንስ መርፌው ከጨመረ ማሰሪያውን ቀየርሽ እንጂ አልፈታሽም። ለዚህ ነው ደብተሩ ላይ የመርፌና የጉዳት ዓምድ ያስፈለገው። ነርስ መመታት ከጀመረም ቶሎ ቆም ብሎ ማየት ነው፤ አለበለዚያ ሠራተኛው ራሱ ሥራውን ይገድለዋል፣ ትክክልም ነው። ሁለተኛው ሃሎፔሪዶል የሚባለው ማረጋጊያ መርፌ ነው። ተወግቶ በማግስቱ መቀመጥ ያቃተው፣ እግሩ የማያርፍ ሕመምተኛ አይተሻል? አካቲዝያ ሊሆን ይችላል፣ የመድኃኒቱ ጣጣ። እኛ ረበሸ ብለን ደግመን ስንወጋው ይብስበታል፣ ከዚያ እናስረዋለን። ደጋግሞ የሚታሰር ሰው ካለ ከማሰሪያው በፊት የመድኃኒት ወረቀቱን ለሐኪሙ አሳዪ።

ግቡን «ማሰርን ማጥፋት» ብለሽ አትጻፊ። በመጀመሪያው ወር ምንም ሳትቀይሪ ቁጠሪ። ከዚያ «በ6 ወር ከ2.5 ወደ 1.25» ዓይነት ነገር ጻፊ፣ በራስሽ ቁጥር። የመፍቻውን ደንብ መጀመሪያ በአንድ ሺፍት ብቻ ሞክሪው፣ ፈቃደኛ በሆኑት ላይ። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ደብተሩን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የካርድ ቁጥሩን ሸፍነሽ። የተፈታበት ሰዓት ስንቱ ላይ ባዶ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።