ኮከብ ያለባቸውን ብቻ አትቁጠር

«የሱሉልታ የወተት ላሞቻችን ሠንጠረዥ ፎቶ ይኸው። ፒ ቫልዩአቸው ከ0.05 በታች ሆኖ ኮከብ ያለባቸው ረድፎች 3 ናቸው፤ 0.05ን ለ3 ላካፍል አይደል?»

ኧረ አይደለም! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ብዙ ፈተና ሲደረግ በአጋጣሚ የመጣ ውጤት እንዳያታልለን ወሰኑን የሚያጠብቀው የቦንፈሮኒ ዘዴ የሚቆጥረው የተፈተነውን ሁሉ እንጂ ደስ ያለንን ብቻ አይደለም። ፎቶውን አጉልቼ ስቆጥር 20 ረድፍ አለው፣ እያንዳንዱም አንድ ፈተና ነው፤ ስለዚህ ወሰኑ 0.0025 ነው። ወይም እያንዳንዱን ፒ ቫልዩ በ20 አባዛው፦ 0.001 ያለው 0.02 ይሆንና ከ0.05 በታች ስለሆነ ይተርፋል። 0.012 ግን 0.24 ይሆናል፣ 0.03 ደግሞ 0.6፤ ሁለቱም ወደቁ። በ3 ብታባዛ ኖሮ 0.012 ያለው 0.036 ሆኖ ሾልኮ ያልፍልህ ነበር። ደግሞ የፎቶው ግርጌ በአውራ ጣትህ ተሸፍኗል (ጭቃው ሳይቀር ይታያል)፤ ከሥሩ ሌላ ረድፍ ካለ 20 መሆኑ ይቀራል፣ ዋናውን ወረቀት አውጥተህ ቁጠር።