እርማት፦ ሃይድሮኮርቲሶን በእኩል አይከፋፈልም

«አዲሰን የተባለው የአድሬናል እጢ በሽታ ያለባት እህቴ ሃይድሮኮርቲሶን 10 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ፍሉድሮኮርቲሶን 0.05 ሚሊግራም ጠዋት ትወስዳለች። ባሕር ዳር ሙቀቱ ከጀመረ ወዲህ ስትቆም ያዞራታል። የማታውን ብትጨምርስ?»

አይሆንም፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ራሱ የማታው ክኒን ነው። ሃይድሮኮርቲሶን የሚተካው ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ነው፤ ጤናማ ሰውነት ይህን ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ እጅግ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የተለመደው አወሳሰድ እንደነቁ 10 ሚሊግራም፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ 5፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ 5 ነው። ለአብዛኛው አዋቂ የቀኑ ድምር ከ15 እስከ 25 ስለሆነ 30 ይበዛል። እንቅልፍ ማጣት፣ የፊት ማበጥና የሆድ መወፈር ካለ መብዛቱን ይጠቁማል። በደም ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል መለካት ግን መጠኑ ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ብዙም አይረዳም።

ለማዞሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨው የሚያስቀረው ፍሉድሮኮርቲሶን ነው፤ ላብ ጨው ይወስዳል። 5 ደቂቃ ተጋድማ ግፊቷን ለኩ፤ ከዚያ አቁማችሁ በ3 ደቂቃ ውስጥ ድገሙት። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ጨው ጨው ካሰኛት፣ በምርመራም ሶዲየም ዝቅ፣ ፖታሲየምና ሬኒን የተባለው የኩላሊት ኢንዛይም ከፍ ካሉ ፍሉድሮኮርቲሶኑ አንሷታል ማለት ነው። ያኔ ሐኪሟ ብዙ ጊዜ ወደ 0.1 ያሳድገዋል፤ ጨውም አትከልክሏት። ቁርጭምጭሚቷ ካበጠ፣ ግፊቷ ከጨመረና ፖታሲየም ከወረደ ደግሞ በዝቷል።

ሁለቱንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ደጋግሞ ካስመለሳት ክኒኑ አይሠራም፤ የሃይድሮኮርቲሶን መርፌ ስለሚያስፈልጋት ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት።