ካርታው ላይ ያሉት ስሞች ወደ አፋቸው ይመለሱ

«ጋሼ፣ ሜክሲኮ ጋ የባቡሩን ካርታ በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እናቴ እንድትጠቀምበት በአማርኛ ልጽፍላት ነው። የቱን ልተርጉም፣ የቱን እንዳለ ልተው?» ብሎ የጎረቤቴ ልጅ ጠየቀኝ።

መልሴ ይኸው። ካርታው ላይ ያሉት ስሞች አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አይደሉም። የእኛው ስሞች ናቸው፤ የላቲን ፊደል ለብሰው ነው የቆሙት። ስለዚህ የአንተ ሥራ መተርጎም ሳይሆን መመለስ ነው። ሰው በአፉ የሚጠራውን ስም ፈልገህ በለመደው ፊደል ትጽፈዋለህ። የሚተረጎመው ስሙን የሚያጅበው ቃል ብቻ ነው፦ ጣቢያ፣ አደባባይ፣ ጎዳና፣ መንገድ።

ከባዱ ነገር የላቲን ፊደል ድምፆቻችንን አለመለየቱ ነው። ፎቶህ ላይ Tegbared የሚል አለ። ወደ ደቡብ ወረድ ስትል ደግሞ Temenja Yazh አለ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት T ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ግን ተ ነው፣ ተግባረ ዕድ። ሁለተኛው ጠ ነው፣ ጠመንጃ ያዥ። e የምትለዋም እንዲሁ ናት፤ አንዴ እንደ «ተ» ትነበባለች፣ አንዴ እንደ «እ»። ፊደል በፊደል እየቀየርክ ከሄድክ «ተመንጃ ያዝህ» ላይ ትደርሳለህ። እናትህ ያንን አንብባ የት እንደሆነ አታውቅም፤ ቦታውን ግን ከአንተ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ቃሉን ጮክ ብለህ አንብበው። ጆሮህ የሚያውቀውን ስም እስኪሰማ ድረስ ደጋግመው። ከዚያ በኋላ ነው የሚጻፈው።

ለገሀር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ካርታው Leghar ይላል። ይህንን ያየ ሰው gh አንድ ድምፅ መስሎት «ሌጋር» ወይም «ለግር» ብሎ ይጽፋል። ግን g እና h እዚህ ለየብቻ ናቸው፤ ገ እና ሀ ናቸው። ሌላው ደግሞ የቃሉን ታሪክ ያውቃልና «ላ ጋር» ብሎ ሊያርመው ይነሳል። እርግጥ ነው፣ ስሙ የመጣው «የባቡር ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ስሙም ከዚያ መስመር ጋር መጣ። ከዚያ ወዲህ ግን የከተማው ሰው በራሱ አፍ ቀርጾታል። ለገሀር አሁን የእኛ ቃል ነው። ፒያሳና ካዛንቺስም እንዲሁ ናቸው፤ መነሻቸው ጣልያንኛ ነው፣ ማንም ግን ዛሬ ወደ ጣልያንኛው አይመልሳቸውም።

ሦስተኛው ስህተት ከሁሉም ይብሳል፤ ለገሀርን «ባቡር ጣቢያ» ብሎ መተርጎም። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ሲሠራ በመስመሩ ላይ ያለው ሁሉ ባቡር ጣቢያ ነው። ከመካከላቸው አንዱን «ባቡር ጣቢያ» ብትለው እናትህ የት ትውረድ?

አሁን ወደ ፎቶህ እንምጣ። አማርኛውን ፎቶው ላይ ወዲያው አትለጥፈው። መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ቁጥር አድርግ፤ ከዚያ ስሞቹን በላቲን እንዳሉ በወረቀት ገልብጣቸው። አማርኛውን ከጎናቸው ትጽፋለህ። ይህ ሥራውን ያረዝመዋል፣ ግን የተዘለለ ስም ካለ ወዲያው ይታይሃል።

ፎቶህ ላይ መስታወቱ ያንጸባረቀበት ቦታ አለ፤ ከሜክሲኮ ቀጥሎ ያለው ስም ግማሹ ጠፍቷል፣ የሚታየው har ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከፊደሉ ይልቅ ተራውን እመን። ሁለቱ መስመሮች አብረው የሚሄዱበት ክፍል አምስት ጣቢያ አለው፦ ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሀር፣ ስታዲየም። በሜክሲኮና በስታዲየም መካከል ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ የጠፋው ስም ለገሀር ነው። ከስታዲየም በኋላ መስመሩ ይለያያል፤ የምሥራቁ ወደ እስጢፋኖስ፣ የደቡቡ ወደ መሿለኪያ። በዚህ መንገድ የማይገኝ ስም ካጋጠመህ በግምት አትሙላው፤ ባዶ ተወውና ሄደህ ሌላ ፎቶ አንሳ።

St. የሚለውን «ሴንት» ብለህ አትጻፍ፤ ቅዱስ ነው፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ። Stadium ግን ስታዲየም ሆኖ ይቅር፤ «የስፖርት ሜዳ» ብሎ ታክሲ የሚጠራ የለም። Menelik ደግሞ ምኒልክ ነው። e ስላየህ ብቻ «ሜኔሊክ» እንዳትል።

Hayahulet 1 ላይ ተጠንቀቅ። እዚያ ሰፈር ሰው በቁጥር 22 ብሎ መጻፍ ለምዷል። የጣቢያውን ቁጥር ስትጨምርበት ግን 22 1 ይሆናል፤ በትንሽ ጽሑፍ ደግሞ 221 ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ስሙን በፊደል፣ የጣቢያውን ቁጥር በአኃዝ አድርገው፦ ሃያ ሁለት 1፣ ሃያ ሁለት 2።

በሞክሼ ፊደሎች ብዙ አትጨነቅ። የተቋም ስም ከሆነ በሩ ላይ የተጻፈውን ቅዳ፤ ጦር ኃይሎችን በ«ኃ»፣ ተግባረ ዕድን በ«ዕ»። ሌላውን አንዴ በመረጥከው ፊደል እስከ መጨረሻው ጻፈው። አንድ ስም በሁለት ዓይነት ሲጻፍ ሰው ሁለት ቦታ ይመስለዋል።

መንገዶቹ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። Churchill Avenue ቸርችል ጎዳና ነው፣ Gambia Street ጋምቢያ መንገድ። እዚህ ችግር የለም። Africa Avenue ግን በካርታ አፍሪካ ጎዳና ቢሆንም ሰው የሚለው ቦሌ መንገድ ነው። እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የካርታውን ከላይ፣ የሰውን ከሥር አነስ አድርጌ። አንዱን ብቻ ምረጥ ከተባልኩ የሰውን እመርጣለሁ። ካርታው የሚሠራው ለእናትህ ነውና፤ እናትህ ደግሞ መንገድ የምትጠይቀው ሰውን ነው።

አንድ ቀን ከውጭ ለመጣ እንግዳ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ብትሠራም ሐሳቡ ያው ነው። አትክልት ተራን ትርጉሙን ሰጥተህ ብትጽፍለት እንግዳው አትክልት ፍለጋ ይወርዳል። ገበያው ግን በ2012 በኮሮና ጊዜ ከዚያ ተነሥቷል፤ ስሙ ብቻ ነው እዚያ የቀረው። ድምፁን ጻፍለት፤ ትርጉሙን ከፈለገ ለብቻው በግርጌ ንገረው።

ሥራውን ስትጨርስ ካርታውን ለእናትህ ከመስጠትህ በፊት ስሞቹን አንድ በአንድ እንድታነብልህ አድርግ። አንብባ ወዲያው «እ፣ እዚያ ጋ» ካለች ትክክል ነው። ቆም ብላ ፊደል ከቆጠረች ግን ያንን ስም አክብበህ እንደገና ጻፈው።