ማስተካከያ፦ ዐፄ ፋሲል የሞቱበት ዓመት

«ከባሕር ዳር በጀልባ ዳጋ እስጢፋኖስ ሄደን አስጎብኚው ዐፄ ፋሲል በ1660 ሞቱ አለን። ኢንሳይክሎፒዲያው ግን 1667 ይላል። ማንን እንመን?»

ሁለቱንም፤ አስጎብኚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ኢንሳይክሎፒዲያው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የተናገሩት። ለዚህ ጥያቄ ቀደም ሲል የተሰጠው «ከ1667 ስምንት ቀንሱ፣ 1659 ይመጣል» የሚለው መልስ ግን ይታረም። ሞቱ የተባለው በፈረንጆች ኦክቶበር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ከጃንዋሪ ወዲህ ነው።

ቀኑ ላይ ግን ጠርጠር በሉ። የሚጠቀሰው ኦክቶበር 18 በጎርጎርዮሳዊው ከሆነ ጥቅምት 10 ነው፤ በዩልያኖሳዊው ከሆነ ጥቅምት 20። መዝገቡ የትኛው እንደሆነ ካልነገራችሁ ወሩን ያዙ፣ ቀኑን ተዉት።

ከሁሉ የሚያጠራጥረው ልደቱ ነው። የንጉሥን ሞት የቤተ መንግሥት ጸሐፊ በዜና መዋዕል ያሰፍረዋል፤ ዙፋን ስለሚለወጥ ማንም አይዘነጋውም። ፋሲል ተወለዱ በሚባልበት በ1603 (በፈረንጆች) ግን አባታቸው ሱስንዮስ ገና አልነገሡም። ያኔ የልጃቸውን ልደት ማን ብሎ ይጽፋል? እንዲህ ያለው የልደት ዓመት ብዙውን ጊዜ ኋላ ላይ ከተነገረ ዕድሜ ወደኋላ ተቆጥሮ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ምንጩ ሳይጠቀስ ቀንና ወር ጭምር ከተሰጣችሁ፣ ቀኑ ከየት እንደመጣ ጠይቁ።